ኢን ዘ መኒ፣ አት ዘ መኒ፣ አውት ኦፍ ዘ መኒ ምንድን ነው?

አክሲዮኑ ይወጣል ብላችሁ ኮል ኦፕሽን ገዛችሁ እንበል። አክሲዮኑም እንዳላችሁት ወጣ። የከፈላችሁት ገንዘብ ግን በሙሉ ቀለጠ። ይህ ብዙ ጀማሪዎችን የሚያስደነግጥ ነገር የሚመጣው ከኮንትራት ምርጫ ነው።

ኮል አክሲዮንን እስከ አንድ የማብቂያ ቀን ድረስ በተወሰነ ዋጋ የመግዛት መብት ነው፤ ፑት ደግሞ የመሸጥ። ያ የተወሰነ ዋጋ ስትራይክ ይባላል። ለመብቱ የሚከፈለው ፕሪሚየም ነው። አሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ መብቱን ዛሬ ብንጠቀምበት ከገበያው የተሻለ ዋጋ ይሰጠናል? አዎ ከሆነ ኮንትራቱ ኢን ዘ መኒ ነው። ካልሰጠን አውት ኦፍ ዘ መኒ። ስትራይኩና የገበያው ዋጋ እኩል ወይም በጣም ተቀራራቢ ሲሆኑ አት ዘ መኒ ይባላል።

አክሲዮኑ 100 ዶላር ቢሆን፣ የ90 ኮል ኢን ዘ መኒ ነው፤ 100 የሚያወጣውን በ90 ያስገዛላ። የ110 ኮል አውት ነው። በፑት ይገለበጣል። የ110 ፑት 100 የሚያወጣውን በ110 ስለሚያሸጥ ኢን ነው፤ የ90ው አውት።

ወደ ኮሎቹ እንመለስ። ዋጋቸውን በአንድ አክሲዮን ለምሳሌ ያህል እንዲህ እናድርገው፦ የ90ው 11.50፣ የ100ው 4፣ የ110ው 1 ዶላር። የ90ው 10 ዶላር እውነተኛ ዋጋ በውስጡ አለ፤ የቀረው 1.50 ብቻ እስከ ማብቂያው ቀን ላለው ጊዜ የተከፈለ ነው፤ ይህም የጊዜ ዋጋ ይባላል። የሌሎቹ ሁለቱ ግን ሙሉ ዋጋቸው የጊዜ ዋጋ ነው። ይህ ክፍል ቀን በቀን እየቀነሰ ሄዶ በማብቂያው ቀን ዜሮ ይሆናል።

በማብቂያው ቀን አክሲዮኑ 106 ላይ ቢዘጋ የ90ው 16 ያወጣል፤ ትርፉ 4.50 ነው። የ100ው 6 ያወጣል፤ 2 ያተርፋል። የ110ው ባዶ ነው። አክሲዮኑ 6 ዶላር ወጥቶም ባለቤቱ ሁሉንም ከሰረ። በአሜሪካ ገበያ አንድ ኮንትራት አብዛኛውን ጊዜ 100 አክሲዮን ስለሚይዝ የከሰረው 100 ዶላር ነው። አክሲዮኑ 120 ቢደርስ ግን ያው ኮንትራት በአንድ አክሲዮን 10 ዶላር ያወጣ ነበር፤ የተከፈለበትን 10 እጥፍ።

አንድ ነገር አታምታቱ፤ ኢን ዘ መኒ ማለት አትርፈናል ማለት አይደለም። አክሲዮኑ 102 ላይ ቢዘጋ የ100ው ኮል ኢን ዘ መኒ ነው፤ 4 ከፍሎ የገዛው ሰው ግን 2 ዶላር ከስሯል። ለማትረፍ ዋጋው 104ን ማለፍ አለበት።

ስለዚህ ርካሽነቱን ብቻ አይታችሁ አውት ኦፍ ዘ መኒውን አትምረጡ። እሱ የሚያዋጣው አክሲዮኑ ብዙና ቶሎ ይንቀሳቀሳል ብላችሁ ስትጠብቁ ነው። ትንሽ፣ ዘገምተኛ ጭማሪ ከጠበቃችሁ ውድ ቢመስልም ኢን ዘ መኒው ይሻላል፤ ለጊዜ የምትከፍሉት ትንሽ ነውና።