የቤተሰቡ ትልቁ ፎቶ፦ የቱ እርማት ነው፣ የቱ አዲስ ምስል?

እንዲህ ብላችሁ ጻፋችሁልን፦ «የሰርጋችንን ፎቶዎች አየናቸው፣ እግዜር ይስጥልን። የቤተሰቡ ትልቁ ፎቶ ላይ ግን አራት ነገር ይስተካከልልን። ከኋላ የቆመው ሚኒባስ ይጥፋ፣ የእማማ ዓይን ተከድኗልና ይከፈት፣ ሜዳው ደርቋልና አረንጓዴ ይሁን፣ ውጭ አገር ያለው አጎታችንም ከአባታችን ጎን ይግባ። አሁን ኤአይ ስላለ ሁሉም ያው ኤዲት ነው ብለን ነው።»

«ሁሉም ያው ኤዲት ነው»

አይደለም። የምንለየው በአንድ ጥያቄ ነው፦ በፎቶው ላይ የሚታየው ነገር በዚያ ቀን ካሜራው ፊት ነበር ወይስ አልነበረም?

የጥር ፀሐይ ደብረ ብርሃን ላይ እኩለ ቀን ሲሆን ከአናት ይወርዳል፤ ነጠላ የተከናነበ ሰው ዓይኑ ሥር ይጠቁራል። ጥላ ውስጥ የቆመው ደግሞ ነጭ ልብሱ ሰማያዊ ይመታል። ጥቁሩን ማፍካትና ነጩን ወደ ነጭነቱ መመለስ እርማት ነው፤ ካሜራው በመዘገበው ጥሬ ፋይል ውስጥ ብርሃኑ አለና ያንኑ ማውጣት ነው። የሙሽራው ካባ ላይ የተጣበቀ ክር ወይም ጉንጭ ላይ የወጣ ብጉር ሲጠፋም ቦታውን የሚሸፍነው ከአጠገቡ የተወሰደ ጨርቅና ቆዳ ነው። ይህ ሁሉ በተዋዋልነው ዋጋ ውስጥ ነው፣ ሳትጠይቁም ይሠራል።

የፎቶሾፕ የኤአይ መሣሪያ የሆነው Generative Fill እና መሰሎቹ የሚሠሩት በሌላ መንገድ ነው። ፕሮግራሙ ከብዙ የሌሎች ሰዎች ምስሎች ተምሮ «እዚህ ቦታ ምን ቢሆን ይመስላል?» ብሎ በግምት ይሥላል። የሣለው ነገር ያምር ይሆናል፣ ሰርጋችሁ ላይ ግን አልነበረም።

«ሚኒባስ ለማጥፋትም ኤአይ ያስፈልጋል»

አያስፈልግም። ያንን ፎቶ ስናነሳ በተከታታይ ሰባት ጊዜ ተነሥቷል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሚኒባሱ ገና አልደረሰም። ከኋላው ያለው ባሕር ዛፍና የገብስ ክምር እዚያ ላይ በግልጽ ስለሚታይ ከእነሱ አንዱን ከዚህኛው ፎቶ ጋር አደራርቦ ትክክለኛውን ጀርባ መመለስ ይቻላል።

አስቸጋሪው የሚኒባሱ መስኮት ከአክስታችሁ ትከሻ ጋር የሚነካካበት ቦታ ነው። ብዙ ሰው በስልኩ ሲያጠፋ የሚበላሸው እዚህ ነው፦ በጣት ሲከበብ የነጠላው ዳር አብሮ ይገባና ፕሮግራሙ ጥለቱን እንደገና ይሥለዋል። ጥለት ደግሞ ውሸት አይደብቅም። ከላይ ጀምራችሁ መስቀሎቹን አንድ በአንድ ቁጠሩ፤ በማሽን የተሣለው ላይ ብዙ ጊዜ አንዱ መስቀል ክንዱ ሦስት ይሆናል፣ ወይም መስመሩ መሐል ላይ ይቋረጥና በሌላ ቀለም ይቀጥላል። ስለዚህ ትከሻውን በእጅ እየተከተልን እንቆርጣለን እንጂ ለፕሮግራም አንተወውም።

«የተከደነ ዓይን መክፈት ቀላል ነው»

ቀላል የሚሆነው እማማ ዓይናቸውን የገለጡበት ሌላ ፎቶ ካለ ነው። አለ፤ ከሰባቱ አምስተኛው ላይ፣ በዚያው ብርሃን፣ ፊታቸው ወደዚያው ዞሮ። ከዚያ ወስደን እንተካለን። በሁለት ፎቶ የተሠራ ነው፣ ግን ዓይኑ የራሳቸው ነው።

ባይኖር ኖሮ እንዲህ አስቡት። ፎቶው በወርድ 6000 ነጥብ፣ ማለትም ፒክሰል፣ አለው። ሠላሳ ሰው በሁለት ረድፍ ስለቆመ የእማማ ፊት ወደ 150 ነጥብ ያህል ብቻ ይደርሰዋል፤ የፊት ወርድ አምስት ዓይን ያህል ነውና አንዱ ዓይን 30 ነጥብ ገደማ ነው። የተከደነውን ለመክፈት ፕሮግራሙ ያንን 30 ነጥብ ወርድ ያለው ቦታ ከራሱ ይፈጥራል። እሳቸውን አያውቃቸውም፤ የሚሥለው በእሳቸው ዕድሜ ያለች የአንዲት ሴት ዓይን ነው።

አልበሙ ላይ በ60 ሳንቲ ሜትር ሲታተም ፊታቸው አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ስለሚሆን ማንም አይለየውም። ችግሩ የሚመጣው በኋላ ነው። በእኛ አገር የአረጋዊ ሰው ፎቶ ሲፈለግ ብዙ ጊዜ ተቆርጦ የሚወጣው ከሰርግ ፎቶ ነው። ያ 150 ነጥብ ግድግዳ ላይ ለመስቀል ሲለጠጥ የሚያዩት ልጆች «እማማ ናቸው እንዴ?» ይላሉ። የደበዘዘ ፊትን «የሚያጠሩ» የስልክ አፖችም ሥራቸው ይኸው ነው፦ ያልነበረ የቅንድብ ፀጉርና ያልነበረ ጥርስ ይጨምራሉ።

«ሜዳውን አረንጓዴ ማድረግ ቀለም መቀየር ብቻ ነው»

ቢጫን ወደ አረንጓዴ መግፋት ይቻላል፤ ነገር ግን የካባው ወርቅማ ጥልፍና የሰው ቆዳም ቢጫ ስላለባቸው አብረው ይሄዳሉ፣ ሰዎቹን ለይቶ መከለል ያስፈልጋል። ተከልሎም ውጤቱ አረንጓዴ የተቀባ ገለባ ነው። እውነተኛ ለምለም ሣር ከተፈለገ ሜዳው በሙሉ መፈጠር አለበት። ያኔ ደግሞ እግሮቹ አይቀመጡም፦ ጫማዎቹ ላይ አቧራ አለ፣ ቀሚሱ ታች ላይ ከደረቁ መሬት የተመለሰ ቢጫ ብርሃን አለ፣ ከሥሩ ግን የክረምት ሣር።

የእኛን ሐሳብ ከጠየቃችሁ፣ አይነካ። ጥር ላይ የሰሜን ሸዋ ሜዳ አረንጓዴ እንደማይሆን አልበሙን የሚያየው ዘመድ ሁሉ ያውቃል፣ ያ ክምርም ያምራል። የደረቀውን ሜዳ ቀለም በትንሹ ማሞቅ ግን በነፃ ይሠራል።

«አጎት ቤተሰብ ነው፣ ቢገባ ምን አለበት?»

ቤተሰብነቱ አይደለም ጉዳዩ፤ ፎቶው «ነበረ» ማለቱ ነው። በተለይ ከእናንተ አንዳችሁ ወደ ውጭ ለመሄድ የሰርግ ፎቶ ለቪዛ ማስረጃ የምታስገቡ ከሆነ ይህን አስቡበት። በዚያ ቀን አገር ውስጥ ያልነበረ ሰው ከሙሽሮቹ አጠገብ ቆሞ ከታየ እውነተኞቹ ፎቶዎች ላይም ጥርጣሬ ይወድቃል።

ለግድግዳ ብቻ ከሆነ ግን ይሠራል፣ በሦስት ነገር። አጎታችሁ ራሳቸው ይፍቀዱ። ከፊታቸው ፎቶ ብቻ ተነሥተህ ሙሉ ሰውነት ፍጠር ብለን ፕሮግራሙን አናዝም፤ ቁመቱንም እጁንም ቀለበቱንም ገምቶ ይሥላል። ስለዚህ ቆመው፣ ከራስ እስከ እግር፣ ውጭ፣ ፀሐይ ከላይ በቀኛቸው ሆና፣ ካሜራው በደረት ቁመት ተይዞ ይነሡና ይላኩልን። ቤት ውስጥ በአምፖል የተነሣ ፎቶ ጥላው ስለማይገጥም ተለጥፎ የቆመ ይመስላል። ሦስተኛው፣ ይህ ፎቶ ዋናውን አይተካም፤ ለብቻው ይታተማል፣ ከሥሩም «የተቀናበረ» ተብሎ ይጻፋል።

«ፋይሉ ውስጥ ስለሚጻፍ በኋላ ይታወቃል»

አንዳንድ ፕሮግራሞች በኤአይ መሠራቱን ፋይሉ ውስጥ ይጽፋሉ። ግን ፎቶው በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላክ ወይም ስክሪንሾት ሲነሣ ያ ጽሑፍ ይቀራል። ስለዚህ በስሙ እንለያለን፣ ፍላሽ ላይ እንዲህ ታገኙታላችሁ፦

```
0412_ORIG.jpg
0412_RETOUCH.jpg
0412_COMPOSITE.jpg
```

የመጀመሪያው ሚኒባሱም የተከደነው ዓይንም ያሉበት ነው፣ እንዳትሰርዙት። ሁለተኛው ሚኒባሱ የጠፋበትና የእማማ ዓይን ከአምስተኛው ፎቶ የተተካበት ነው፤ ተጨማሪ ክፍያ የለውም። ሦስተኛው የሚኖረው የአጎታችሁ ፎቶ ከደረሰን ነው፣ ዋጋው ለብቻው ነው። ስትልኩት በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይሁን፤ አለበለዚያ ተጨምቆ ይደርሰናል።