የፒኤምፒ ማዕረግን ማሳደስ፦ የፒዲዩ አሰባሰብና አመዘጋገብ በመሃል አዲስ አበባ

ፒኤምፒ ለፕሮጀክት ማናጀሮች የሚሰጥ ዓለም አቀፍ የሙያ ማረጋገጫ ነው። የሚሰጠው በ1969 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተው የፕሮጀክት ማኔጅመንት ኢንስቲትዩት፣ በአጭሩ ፒኤምአይ ነው። ፈተናው የተጀመረው በ1984 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ ከካሳንቺስ እስከ ሜክሲኮ ባሉት መሥሪያ ቤቶችና የውጭ ድርጅቶች ውስጥ ማዕረጉን ይዘው የሚሠሩ ብርቱ ባለሙያዎች አሉ። ፈተናውን ስለማለፍ የሚያስረዳ ሞልቷል። ካለፉ በኋላ ማዕረጉን በሕይወት ስለማቆየት ግን በአማርኛ የተጻፈ እምብዛም አይገኝም።

ማዕረጉ የሚጸናው ለሦስት ዓመት ነው። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ 60 ፒዲዩ መሰብሰብ ያስፈልጋል። አንድ ፒዲዩ የአንድ ሰዓት ትምህርት ወይም አገልግሎት ነው። ከ60ው ቢያንስ 35ቱ ከትምህርት መምጣት አለበት። ሙያውን መልሶ ከማገልገል የሚገኘው ከ25 አይበልጥም። ማገልገል የሚባለው ማስተማር፣ መጻፍ፣ በበጎ ፈቃድ መሥራትና የመሳሰለው ነው። በሙያው ተቀጥሮ መሥራትም እዚህ ውስጥ ይቆጠራል፣ ግን በሦስት ዓመት ከ8 ፒዲዩ አያልፍም።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው በትምህርቱ ክፍል ላይ ነው። እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ድረስ ትምህርቱ በዘርፍ አይከፋፈልም ነበር። በዚያ ዓመት መጨረሻ ላይ ኢንስቲትዩቱ የክህሎት ትሪያንግል የሚባለውን አመጣ። በ2022 የማዕዘኖቹን ስም ቀይሮ አሁን በምዝገባ ገጹ ላይ `Ways of Working`፣ `Power Skills` እና `Business Acumen` ተብለው ይታያሉ። የመጀመሪያው የአሠራር ዘዴ ነው፦ መርሐ ግብር፣ በጀት፣ አጃይል እና የመሳሰለው። ሁለተኛው ሰውን መምራትና መግባባት ነው። ሦስተኛው የድርጅቱን ሥራና ገበያ ማወቅ ነው። ከእያንዳንዱ ቢያንስ 8 ፒዲዩ ያስፈልጋል። አንዱ ማዕዘን ከጎደለ ድምሩ ምንም ያህል ቢበዛ እድሳቱ አይከፈትም።

ካሳንቺስ በሚገኝ አንድ ድርጅት የምትሠራ ባለሙያን ለምሳሌ እንውሰድ። ፈተናውን ያለፈችው ሜይ 18 ቀን 2022 ነው እንበል። የሦስት ዓመት ዙርዋ የሚያልቀው ሜይ 17 ቀን 2025 ነው። ኅዳር 7 እና 8 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቅዳሜና እሁድ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ የሁለት ቀን ሥልጠና ወሰደች። ሥልጠናው ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 11፡00 ሰዓት ነበር። ይህ በቀን ስምንት ሰዓት ተኩል ነው። ምሳ አንድ ሰዓት፣ ሁለቱ የሻይ ዕረፍቶች ተደምረው ግማሽ ሰዓት ወሰዱ። የሚቆጠረው 7 ሰዓት ነው፣ በሁለት ቀን 14 ፒዲዩ። ምሳና ሻይን አብሮ መቁጠር እዚህ አገር የተለመደ ነው፣ ግን ትክክል አይደለም።

ምዝገባው የሚካሄደው በ`ccrs.pmi.org` ነው። በፒኤምአይ አካውንቷ ገብታ `Report PDUs` ትላለች። ከዚያ `Course or Training` የሚለውን ትመርጣለች። ገጹ የአሠልጣኙን ድርጅት ስም፣ የሥልጠናውን ርዕስ፣ አጭር መግለጫ፣ የሚገናኙትን ሰው ስልክና ኢሜይል፣ የተጀመረበትንና ያለቀበትን ቀን ይጠይቃል። በመጨረሻ 14ቱን ፒዲዩ በሦስቱ ማዕዘኖች ታከፋፍላለች። ክፍፍሉ ከሥልጠናው ፕሮግራም ጋር መመሳሰል አለበት። የእሷ 8 ለመጀመሪያው፣ 4 ለሁለተኛው፣ 2 ለሦስተኛው ሆነ።

ቀኑ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ምስክር ወረቀቷ «ኅዳር 7 እና 8 ቀን 2017» ይላል፣ ገጹ የሚጠብቀው ግን የአውሮፓውያኑን ቀን ነው። ኖቬምበር 16 እና 17 ቀን 2024 ብላ ማስገባት አለባት። ዓመቱን ሳይቀይሩ 2017 ብሎ መጻፍ እንቅስቃሴውን ከዙሩ መጀመሪያ አራት ዓመት ተኩል ያህል ወደ ኋላ ይጥለዋል።

አሁን የሰበሰበችውን እንደምር። ከኦንላይን ዌቢናሮች 22 አላት፣ ሁሉም በአሠራር ዘዴ ላይ ናቸው። መጻሕፍት በማንበብ 6 አስመዝግባለች፣ ስለ አመራር። ሥልጠናው 14 ነው። ትምህርቱ ሲደመር 42 ይሆናል። በሥራዋ 8፣ በፒኤምአይ የኢትዮጵያ ቻፕተር በሰጠችው በጎ ፈቃድ 7 አገኘች። ጠቅላላው 57 ነው። ሦስት ብቻ የቀራት ይመስላል። ሦስተኛው ማዕዘን ላይ ግን ያላት 2 ብቻ ነው። ስለዚህ የሚቀራት 6 ነው፣ እሱም ከ`Business Acumen` ብቻ። ያንን ስትጨምር ድምሩ 63 ይሆናል። ትርፉ 3 አይባክንም። በመጨረሻው ዓመት የተገኘ ትርፍ እስከ 20 ፒዲዩ ድረስ ወደሚቀጥለው ዙር ይሻገራል።

የቻፕተሩ ነገር ከተነሳ፣ አገልግሎቱን በበጎ ፈቃድ የሚሸከሙት ባለሙያዎች ምስጋና ይገባቸዋል። በሥራ ጫና መሃል ጊዜያቸውን የሚሰጡ ናቸው። ቻፕተር ውስጥ ማገልገል 25ቱን ለመሙላት ጥሩ መንገድ ነው።

አንዳንዶች የመሥሪያ ቤት ውስጥ ሥልጠና አይቆጠርም ይላሉ። ይህ ስህተት ነው፤ ይዘቱ ከሙያው ጋር ከተያያዘ ይቆጠራል። በአማርኛ ስለተሰጠ ሥልጠናም ክርክር ይሰማል። ቋንቋው እንቅፋት የሚሆን አይመስልም፣ ግን ማስረጃው ላይ የእንግሊዝኛ ትርጉም ማያያዝ ሳይሻል አይቀርም።

ፒኤምአይ አንዳንዶችን በዕጣ መርጦ ማስረጃ ይጠይቃል። ስለዚህ ወረቀቶቹን ዙሩ ካለቀ በኋላም ለ18 ወር ማስቀመጥ ይገባል። ችግሩ የአገራችን ምስክር ወረቀት ብዙ ጊዜ ሰዓት አይጽፍም። «ተሳትፏል» ብሎ ያልፋል። ሰዓቱን የሚገልጽ ደብዳቤና ፕሮግራሙን በዚያው ቀን መቀበል ነው የሚሻለው። በ2017 ዓ.ም. ካሳንቺስ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ብዙ ድርጅቶች ቦታ ቀይረዋል። ዛሬ ያለው የቢሮ ስልክ ከሁለት ዓመት በኋላ ላይነሳ ይችላል።

60ው ከተሟላ በኋላ ክፍያ አለ። በተለመደው ታሪፍ ለአባል 60፣ አባል ላልሆነ 150 ዶላር ነው። የሚከፈለው ኦንላይን ስለሆነ ተራ የብር ኤቲኤም ካርድ አይሠራም። የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ያለው ከባንኩ ካርድ ያወጣል፣ የሌለው ውጭ ያለ ዘመድ ያስቸግራል። የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከተፈቀደ ወዲህ ሸክሙ ከብዷል። ያኔ ዶላር በ57 ብር አካባቢ ነበር፣ 150 ዶላር ወደ 8,550 ብር ይሆን ነበር። ዶላሩ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፣ ክፍያውም ከ15,000 ብር በላይ ሆነ። ካርዱን ቀደም ብሎ ማዘጋጀት ያለበት ለዚህ ነው።

ቀኑ ካለፈ ማዕረጉ ለአንድ ዓመት ይታገዳል። በዚህ ጊዜ ፒኤምፒ ነኝ ብሎ በሲቪም ሆነ በቢዝነስ ካርድ መጻፍ አይፈቀድም። የጎደለውን ፒዲዩ ግን ማሟላት ይቻላል። ቀጣዩ ዙር የሚቆጠረው ዕገዳው ከተነሳበት ቀን አይደለም፣ ያለፈው ካበቃበት ቀን ነው። ስለዚህ በዕገዳ የባከነ ጊዜ ከሚቀጥለው ሦስት ዓመት ይቀነሳል። ያ ዓመትም ካለፈ ማዕረጉ ይሰረዛል፤ እንደገና ማመልከትና ፈተናውን ከመጀመሪያው መውሰድ ግድ ይሆናል።