የጋጋሪ ፐርሰንት ምንድን ነው?

አዳማ ውስጥ ትንሽ ዳቦ ቤት ያለው ወዳጄ 100 ዳቦ ሲጋግር የሚያህለው የለም። የሰርግ ትእዛዝ መጥቶ 400 ሲባል ግን ነገር ተበላሸ። ዱቄቱን በኪሎ፣ ውሃውን በጆግ፣ እርሾውን በእፍኝ ነበር የሚለካው። እፍኝ ደግሞ አራቴ ሲዘገን አራት ዓይነት ነው።

የጋጋሪ ፐርሰንት ከዚህ ጣጣ ያወጣል። ዱቄቱ ሁልጊዜ 100 ነው፤ ሌላው ሁሉ፣ ውሃም ጭምር፣ ከዱቄቱ ክብደት አንጻር ይመዘናል። ውሃ 60 ሲባል ለ1 ኪሎ ዱቄት 600 ግራም ማለት ነው። ድምሩ 100 አይመጣም፣ መምጣትም የለበትም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የወዳጄ ዳቦ ይኸው፦ ዱቄት 100፣ ውሃ 60፣ ደረቅ እርሾ 1፣ ጨው 2፣ ስኳር 2፣ ዘይት 2። ሲደመር 167። 400 ዳቦ፣ እያንዳንዱ 100 ግራም ሊጥ ከሆነ 40 ኪሎ ሊጥ ያስፈልጋል። 40ን ለ1.67 ስታካፍለው 24 ኪሎ ዱቄት ገደማ ይመጣል። ከዚያ ውሃው 14.4 ኪሎ፣ እርሾው 240 ግራም ይሆናል፤ ጨው፣ ስኳርና ዘይት እያንዳንዳቸው 480 ግራም። በቃ።

ሂሳቡን አስተካክሎም ግን የመጨረሻዎቹ 100 ዳቦዎች ጠፍጣፋ ሆነው ወጡ። ጥፋቱ የሰዓት ነበር። ኦቨኑ በአንዴ የሚይዘው 100 ዳቦ ነው፤ አንዱ ዙር ከነማስገቢያው 25 ደቂቃ ይፈጃል። ሁሉንም አንድ ላይ አቡክቶ ስለነበር አራተኛው ትሪ ተራውን ሲጠብቅ ከ1 ሰዓት በላይ ቆየ። በአዳማ ሙቀት ደግሞ እርሾ ተራ አይጠብቅም። ሊጡን በጣት ጫን ስታደርገው ጉድጓዱ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ደርሷል። ጭራሽ ካልተመለሰ አልፎበታል፤ ኦቨን ውስጥ ይተኛል።

መፍትሄው ሰዓቱን ከኦቨኑ ወደ ኋላ መቁጠር ነው። ሱቁ የሚከፈተው ጠዋት 12 ሰዓት ነው። ማቡካት 15 ደቂቃ፣ ሊጡን ማሳረፍ 45፣ መቁረጥና ማድቦልቦል 30፣ ትሪ ላይ ማስነሳት 50፤ በድምሩ 2 ሰዓት ከ20። ስለዚህ ሊጡ በ12 ኪሎ ዱቄት ለሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው ከሌሊቱ 7:50 ይቦካል፣ 10:10 ኦቨን ይገባል። ሁለተኛው 8:40 ይቦካል፤ ኦቨኑ 11:00 ላይ ሲለቀቅ እሱም ደርሷል። 11:50 ላይ 400ው አልቋል። ከእያንዳንዱ ሊጥ ሁለተኛው ትሪ 25 ደቂቃ መጠበቁ አይቀርም፤ ለእሱ የመጨረሻ የተድቦለቦለውን መስጠት ነው።

ሙቀቱ ሲብስ እርሾውን ወደ 0.7 ማውረድ ወይም ውሃውን ከፍሪጅ ማውጣት ይቻላል። አዲስ ጆንያ ሲከፈት ደግሞ ውሃውን በአንዴ አትገልብጠው፤ ዱቄት ሁሉ እኩል አይጠጣም። 62 ከጠጣ ድምሩ 169 ሆነ ማለት ነው፤ የምታካፍለውም በዚያው ነው።

ቦምቦሊኖውስ? ስኳሩ 12 ስለሚሆን እርሾውን ያዘገየዋል፤ ወዳጄ እርሾውን 1.5 አድርጎ ከዳቦው በኋላ፣ ረፋዱ ላይ ያቦካዋል።