ዲፈረንሺየብል ማለት ምንድን ነው? የአብሶሉት ቫልዩን ሹል ጫፍ ማለስለስ

የ f(x) = |x| ን ግራፍ ሳሉት። ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች ዜሮ ላይ ተገናኝተው V ይሠራሉ። ግራፉ የትም አልተቆረጠም፤ እስክሪብቶ ሳይነሳ ይሳላል። ስለዚህ ኮንቲኒየስ ነው። «ዜሮ ላይ ስሎፑ ስንት ነው?» ሲባል ግን መልስ የለም።

ለምን? አንድ ፋንክሽን c ላይ ዲፈረንሺየብል ነው የሚባለው ይህ ሬሾ h ወደ ዜሮ ሲጠጋ ከግራም ከቀኝም አንድ ዓይነት ቁጥር ላይ ሲደርስ ነው፦

```
(f(c+h) - f(c)) / h
```

የሚደርስበት ቁጥር ዴሪቬቲቭ ይባላል፤ c ላይ የግራፉ ስሎፕ ማለት ነው። በ |x| እንሞክረው፤ c = 0 ይሁን። h = 0.01 ስናደርግ 0.01 ለ 0.01 ሲካፈል 1 ይመጣል። h = -0.01 ስናደርግ ደግሞ 0.01 ለ -0.01 ተካፍሎ -1 ይሆናል። h ን የፈለግነውን ያህል ብናሳንሰው ከቀኝ 1፣ ከግራ -1 ነው። ሁለቱ ስለማይስማሙ ዜሮ ላይ ዴሪቬቲቭ የለም።

«አማካዩ ዜሮ ስለሆነ ዴሪቬቲቩ ዜሮ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። የሚገርመው፣ አንዳንድ የግራፍ ካልኩሌተሮችም 0 ብለው ይመልሳሉ። ምክንያቱም ማሽኑ (f(h) - f(-h)) / (2h) ን ነው የሚያሰላው፤ የ V ሁለት ክንፎች እኩል ስለሆኑ ላይኛው ክፍል ሁሌ ዜሮ ይወጣል። ማዕዘኑን ጭራሽ አያየውም። እዚህ ላይ ካልኩሌተሩን አትመኑት።

አብሶሉት ቫልዩ ባለበት ሁሉ ግን ሹል ጫፍ አለ ማለት አይደለም። |g(x)| ሲሰጣችሁ፣ g ራሱ ለስላሳ ከሆነ፣ መፈተሽ ያለባችሁ g ዜሮ የሚሆንባቸውን ቦታዎች ብቻ ነው። እዚያ የ g ስሎፕ ዜሮ ካልሆነ ማዕዘን አለ፤ ዜሮ ከሆነ ግን የለም። ለምሳሌ |x² - 4| ን 2 ላይ እንየው። የ x² - 4 ስሎፕ 2 ላይ 4 ነው፤ አብሶሉት ቫልዩ የግራውን ክንፍ ገልብጦ -4 ያደርገዋል፣ ቀኙ 4 እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ ተሰብሯል። |(x - 2)³| ግን 2 ላይ ከሁለቱም ወገን ስሎፑ 0 ነው። ቢገለበጥም ዜሮ ያው ዜሮ ስለሆነ ምንም አይሰበርም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። |x| ን እንወደዋለን፣ ሹል ጫፉን ግን አንፈልግም እንበል። ይህ የፈተና ጥያቄ ብቻ አይደለም። በስታቲስቲክስ ስህተትን በ x² ስንለካ አንድ ያፈነገጠ ቁጥር ሁሉንም ነገር ወደ ራሱ ይጎትታል። በ |x| ስንለካ መጎተቱ ይቀንሳል፣ ግን ዜሮ ላይ ዴሪቬቲቭ እናጣለን። የስታቲስቲክስ ተመራማሪው ፒተር ሁበር በ1964 ሁለቱን አጋጠማቸው፤ መሃሉ ላይ ፓራቦላ፣ ዳርና ዳሩ ላይ ቀጥ ያለ መስመር። ቀላሉ መልኩ ይኸው፦

```
f(x) = x²/2        |x| ≤ 1 ሲሆን
f(x) = a|x| + b    |x| > 1 ሲሆን
```

a እና b ስንት ቢሆኑ ነው መጋጠሚያው የማይታወቀው?

መጀመሪያ ዋጋው ይገጥም። 1 ላይ ፓራቦላው 1/2 ነው፤ መስመሩ a + b ነው። ስለዚህ a + b = 1/2። ቀጥሎ ስሎፑ ይገጥም። የ x²/2 ዴሪቬቲቭ x ስለሆነ 1 ላይ 1 ነው፤ የመስመሩ ስሎፕ a ነው። ስለዚህ a = 1፣ ከዚያም b = -1/2። በግራ በኩል፣ -1 ላይ፣ ሌላ ሥራ የለም፤ ፋንክሽኑ ለዜሮ ሲሜትሪክ ስለሆነ አንዱ ሲገጥም ሌላውም አብሮ ይገጥማል። ሲሜትሪ ከሌለ ግን እያንዳንዱን መጋጠሚያ ለየብቻ ማየት ግድ ነው።

ውጤቱን በቁጥር እንየው። ስህተቱ 10 ቢሆን x²/2 50 ይላል፤ የሁበር ፋንክሽን 9.5 ብቻ ይላል። ዜሮ ላይ ደግሞ ስሎፑ 0 ነው፣ ሹል ነገር የለም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የመጀመሪያውን እርምጃ ዘሎ ነው። ሁለቱን ፎርሙላዎች ዴሪቬት አድርጎ፣ አስተካክሎ፣ a = 1 ያገኝና ጨረስኩ ይላል። b ዴሪቬት ሲደረግ ይጠፋል፤ ስለዚህ ምንም ቢሆን ችግር የለውም ይመስላል። እስቲ b = 0 እናድርገው። ከ1 በስተቀኝ f(x) = x ይሆናል። ሁለቱም ወገን ስሎፓቸው 1 ነው፣ ግን ግራፉ ከ 0.5 ወደ 1 ይዘላል። ትርጉሙን ስንጠይቀው ምን ይላል? f(1) = 0.5 ስለሆነ፣

```
(f(1+h) - f(1)) / h = (1 + h - 0.5) / h = 1 + 0.5/h
```

h = 0.01 ሲሆን 51፤ h = 0.001 ሲሆን 501። ይፈነዳል እንጂ ወደ 1 አይጠጋም። ፎርሙላዎቹ ትይዩ መሆናቸውን እንጂ መገናኘታቸውን አልነገሩንም ነበር። ለዚህ ነው ሁሌ ዋጋውን አስቀድሙ የምለው። ዋጋው ከገጠመና የሁለቱ ወገን ዴሪቬቲቮች ወደ አንድ ቁጥር ከሄዱ፣ ያ ቁጥር በእርግጥም ዴሪቬቲቩ ነው። ዴሪቬቲቮቹ ሊሚት ከሌላቸው ግን አቋራጩ ዝም ይላል፣ «የለም» አይልም። x² sin(1/x) ን ዜሮ ላይ 0 ብላችሁ ብትሞሉት ዴሪቬቲቩ 0 ነው፤ በዙሪያው ያለው ዴሪቬቲቭ ግን ይወዛወዛል እንጂ የትም አይደርስም። እንዲህ ሲያጋጥም ወደ ሬሾው መመለስ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ መልስ የለም። ከ1 በግራ x² + c፣ በቀኝ 3x ይሁን። ዋጋው እንዲገጥም c = 2 መሆን አለበት። ስሎፑ ግን በግራ 2፣ በቀኝ 3 ነው፤ c ግራፉን ወደ ላይና ወደ ታች ከማንሸራተት በቀር ስሎፕን መንካት አይችልም። እያንዳንዱ መጋጠሚያ ሁለት እኩልታ ይዞ ይመጣል፤ በእጃችሁ ያለው ፓራሜትር አንድ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አይበቃም።

የሁበር ፋንክሽንም ቢሆን የሚለሰልሰው አንድ ደረጃ ብቻ ነው። ሁለተኛው ዴሪቬቲቭ ውስጥ 1፣ ውጭ 0 ነው፤ መጋጠሚያው ላይ ይዘላል። ይህን በ a እና በ b ማስተካከል አይቻልም፤ ቀጥ ያለ መስመር መቼም አይጎብጥም። ሁለተኛ ዴሪቬቲቭ ለሚፈልግ ስሌት መጋጠሚያ የሌለው ሌላ ፋንክሽን ይመረጣል፦

```
f(x) = √(1 + x²) - 1
```

ዜሮ አካባቢ x²/2 ን ይመስላል፤ ሩቅ ሲሄድ ወደ |x| - 1 ይጠጋል። ዴሪቬቲቩ x/√(1 + x²) ነው፤ ከ -1 ተነስቶ ወደ 1 ቀስ እያለ ያልፋል፣ በሁሉም ቦታ የፈለጋችሁትን ያህል ጊዜ ዴሪቬት ይደረጋል።