ለእናት ኩባንያ መሸጥና የትርፍ ህዳግ፦ ደብረ ብርሃን ላይ ደጋግሜ የምሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ውል አለን፣ ደረሰኝም አለን። ዋጋውን ማን ይነካብናል?»

ውሉና ደረሰኙ የሚያስረዱት በስንት ብር እንደተሸጠ ነው። ግብር ሰብሳቢው ግን ሌላ ነገር ነው የሚጠይቀው፦ ሻጩና ገዢው ባይተዋወቁ ኖሮ በዚህ ዋጋ ይስማሙ ነበር ወይ? እናትና ልጅ ኩባንያ ሲገበያዩ ዋጋ የሚከራከር ሰው የለም። አንዱ ባለቤት ከሁለቱም ወገን ተቀምጧል። ስለዚህ ትርፉን ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ማዛወር ይችላል፣ ወረቀቱም አንድ እንከን ላይኖረው ይችላል። የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 አንቀጽ 79 ለባለሥልጣኑ ሥልጣን የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው። ግብይቱ በገለልተኛ ወገኖች መካከል የሚደረግ ዓይነት ካልሆነ፣ ገቢውንና ወጪውን እንደ ገለልተኛ ቆጥሮ እንደገና ሊያከፋፍል ይችላል። ትራንስፈር ፕራይሲንግ የምንለው ጉዳይ ይሄ ነው።

«እኛ ከስረን አናውቅም፣ በየዓመቱ ትርፍ እናሳውቃለን። ችግሩ የከሰረው ላይ ነው።»

ይሄኛው ነው ብዙ ሰው የሚያስከፍለው፣ በቁጥር ላሳያችሁ።

ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ አለ እንበል። የግብር እፎይታው አልቋል። ጨርቁን ራሱ ይገዛል፣ ይሰፋል፣ ምርቱን በሙሉ ውጭ አገር ላለው እናት ኩባንያ ይሸጣል። የ2016 በጀት ዓመት ጠቅላላ ወጪው 100 ሚሊዮን ብር ነበር፦ 60 ሚሊዮኑ ጨርቅ፣ 20ው ደሞዝ፣ 20ው መብራት፣ ኪራይ፣ እርጅና እና የመሳሰለው። የሸጠበት ዋጋ 102 ሚሊዮን። ትርፉ 2 ሚሊዮን ነው፣ ከወጪው ጋር ሲነጻጸር 2 በመቶ ማለት ነው። በ30 በመቶ ግብር 600 ሺህ ብር ከፈለ።

አሁን ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ፣ ግን እናት ኩባንያ የሌላቸው አምስት ፋብሪካዎች ተገኙ እንበል። ከወጪያቸው በላይ ያገኙት ትርፍ በቅደም ተከተል 4፣ 5፣ 7፣ 8 እና 10 በመቶ ነው። ከዚህ ውስጥ ጫፍና ጫፉን ትተን መሃል ያለውን ክልል እንወስዳለን። ኤክሴል ላይ አምስቱን ቁጥሮች ከ`A1` እስከ `A5` ጽፋችሁ ይህን ብትሞክሩ፦

```
=QUARTILE(A1:A5,1)
=MEDIAN(A1:A5)
=QUARTILE(A1:A5,3)
```

5፣ 7 እና 8 ይመጣል። ክልሉ ከ5 እስከ 8 በመቶ ነው፣ መካከለኛው 7።

የእኛ ፋብሪካ 2 በመቶ ላይ ነው፣ ከክልሉ ውጭ። ማስተካከያው ወደ መካከለኛው ከተደረገ፣ ሽያጩ 102 ሳይሆን 107 ሚሊዮን መሆን ነበረበት ተብሎ ይሰላል። ግብር የሚከፈልበት ትርፍ ላይ 5 ሚሊዮን ብር ይጨመራል። ግብሩ ከ600 ሺህ ወደ 2 ሚሊዮን 100 ሺህ ያድጋል። ልዩነቱ 1 ሚሊዮን 500 ሺህ ብር ነው፣ ወለዱንና ቅጣቱን ሳንቆጥር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ፋብሪካው 5.5 በመቶ አትርፎ ቢሆን ኖሮ ከመካከለኛው ቢያንስም ክልሉ ውስጥ ነውና ማስተካከያ አያስፈልገውም ነበር። «ለምን 7 አልሆንክም» ተብሎ አይጠየቅም። ከክልሉ ከወጡ በኋላ ግን እስከ ታችኛው ጫፍ፣ እስከ 5 ድረስ ብቻ ይስተካከልልኝ ማለት ከባድ ክርክር ነው።

«የስፌት ፋብሪካ ትርፍ 7 በመቶ ነው አሉ፣ እኛም እሱን እንይዛለን።»

አይሆንም። ቁጥሩ ከሥራው ጋር ነው የሚሄደው።

ያው ፋብሪካ፣ ያው ሠራተኛ፣ ያው ማሽን። ግን ጨርቁ የእናት ኩባንያው ነው እንበል፣ ፋብሪካው ሰፍቶ ብቻ ይመልሳል። ያኔ ወጪው 100 ሳይሆን 40 ሚሊዮን ነው። የስፌት ክፍያው 42 ሚሊዮን ቢሆን ትርፉ ያው 2 ሚሊዮን ነው፣ ህዳጉ ግን 5 በመቶ ሆነ። አንድ ብር ሳይጨመር ከ2 ወደ 5! ታዲያ ዳነ ማለት ነው? አይደለም፣ ምክንያቱም ቅድም ያየናቸው አምስት ፋብሪካዎች ጨርቅ በራሳቸው ገንዘብ የሚገዙ ናቸው፣ ጨርቁ ቢበላሽ ወይም ዋጋው ቢወድቅ የሚጎዱት እነሱ ናቸው፣ ስለዚህ ይሄ ፋብሪካ መነጻጸር ያለበት እንደሱ በሰው ጨርቅ ከሚሰፉት ጋር ነው። የእነሱ ክልል ሌላ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ነው ከቁጥሩ በፊት ጥያቄው የሚቀድመው። ጨርቁ የማን ነው? ሳይሸጥ የቀረ ልብስ ኪሳራው በማን ላይ ይወድቃል? ምን ያህል ይመረት የሚለውን ማን ይወስናል? እነዚህን ሳይጠይቅ በመቶኛ የሚነግራችሁን ሰው አትመኑ፣ ጓደኛም ቢሆን።

መብራት ተቋርጦ ፋብሪካው ሁለት ወር ቆሞ ከነበረም ያንን ለይታችሁ መዝግቡ። የቆመበት ጊዜ ወጪ ተለይቶ ከታወቀ ንጽጽሩ ላይ ማስረጃ ይሆናል። ከሌላው ወጪ ጋር ተደባልቆ ከተጻፈ ግን በኋላ ማንም አይለየውም።

«ያልተቀበልኩትን 5 ሚሊዮን እንዴት ግብር ክፈልበት እባላለሁ?»

ጥያቄው የምር ነው፣ ሰው ሲናደድበትም አይቻለሁ። ማስተካከያው ባንክ ያለውን ገንዘብ አይነካም፣ የተቆረጠውን ደረሰኝም አይለውጥም። የሚለወጠው ግብር የሚሰላበት ትርፍ ነው። ገንዘቡ በፋብሪካው በኩል ያልገባው እናት ኩባንያው ዘንድ ስለቀረ ነው፣ እዚያም ግብር ተከፍሎበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ያው 5 ሚሊዮን ሁለት አገር ይቀረጣል። ይህን ለማስቀረት የዚያ አገር ግብር ሰብሳቢ በበኩሉ 5 ሚሊዮን መቀነስ አለበት፣ እሱም በአብዛኛው ሁለቱ አገሮች ድርብ ግብር ማስቀሪያ ስምምነት ካላቸው ነው የሚሞከረው። በራሱ የሚመጣ ነገር አይደለም፣ መጠየቅ አለበት።

«እህት ኩባንያችን አዲስ አበባ ነው ያለው። ይሄ የውጭ አገር ጉዳይ አይደለም እንዴ?»

አንቀጽ 79 ድንበር አይጠይቅም። ሁለቱም አትርፈው በ30 በመቶ የሚከፍሉ ከሆነ ከአንዱ ላይ የተጨመረው ከሌላው ላይ ይቀነሳል፣ የመንግሥት ድምር ገቢ አይለወጥም። ነገሩ የሚከብደው አንዱ የከረመ ኪሳራ ሲኖረው ወይም የግብር እፎይታ ላይ ሲሆን ነው። ትርፍ ወደዚያ ከሄደ ግብሩ ይጠፋልና ዓይን የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው።

«ዓመቱ ይለቅና ኦዲተር ሲመጣ እናስተካክለዋለን።»

ያኔ የምታስተካክሉት እናንተ አትሆኑም። የበጀት ዓመታችሁ ሰኔ 30 የሚዘጋ ከሆነ ሚያዝያ ላይ የአሥሩን ወር ወጪና ሽያጭ አስቀምጡና ህዳጉን አስሉ። 2 በመቶ ላይ ከሆናችሁ የግንቦትና የሰኔ ጭነት ዋጋ ከፍ ማለት አለበት፣ ያ ካልበቃ ደግሞ ከመዘጋቱ በፊት ለእናት ኩባንያው የልዩነት ሂሳብ ይላክ። ይህ እንዲሆን ግን የዓመት መጨረሻ የዋጋ ማስተካከያ የሚል አንቀጽ ውሉ ውስጥ ቀድሞ መግባት አለበት። አለበለዚያ ሰኔ ላይ የሚላከው የ5 ሚሊዮን ብር ወረቀት ለምን እንደመጣ ባንኩም ኦዲተሩም ይጠይቃሉ፣ የምታሳዩትም ነገር አይኖራችሁም።