«ፋርስኛ ስኳር ነው» በአማርኛ፦ የሼኹ፣ የፈረንጅ አምላኪውና የረመዳን አንደበት

«ፋርሲ ሸከር አስት» («ፋርስኛ ስኳር ነው») ሞሐመድ ዓሊ ጀማልዛዴ የጻፈው አጭር ልብ ወለድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 መጀመሪያ በርሊን በሚታተመው «ካቬ» መጽሔት ላይ ወጣ። ኋላ ስድስት ታሪኮችን በያዘው «የኪ ቡድ የኪ ነቡድ» መድበል ውስጥ ገባ፤ የመድበሉ ስም የፋርስ ተረት የሚጀመርበት ቃል ነው፣ እኛ «ተረት ተረት» እንደምንለው። የዘመናዊው የፋርስኛ አጭር ልብ ወለድ መነሻ ተደርጎ የሚቆጠረው ይህ መድበል ነው። ጀማልዛዴ በመቅድሙ ጸሐፊዎች ተራው ሰው በሚገባው ቋንቋ እንዲጽፉ ይሞግታል፤ በመጽሐፉ መጨረሻም የሕዝብ አነጋገር ቃላትን ከነፍቺያቸው ደርድሯል።

ታሪኩ አጭር ነው። ተራኪው ከዓመታት የውጭ አገር ኑሮ በኋላ በካስፒያን ባሕር ወደብ በአንዘሊ ወደ አገሩ ይገባል። ባርኔጣው የፈረንጅ ስለሆነ የፓስፖርት ሹሞቹ ይጠራጠሩትና ጨለማ ክፍል ውስጥ ያስገቡታል። እዚያ ሁለት ሰዎች ቀድመውት ታስረዋል። አንደኛው ንግግሩን ሁሉ በዐረብኛ የሚያጭቅ ሼኽ፣ ሌላኛው ፈረንሳይኛ ካልደባለቀ አፉን የማይከፍት፣ ፋርሶች «ፈረንጊ መአብ»፣ ማለትም ፈረንጅ አምላኪ፣ የሚሉት ዘመናይ ወጣት ነው። ትንሽ ቆይቶ ረመዳን የሚባል፣ ከተዳመጠ ሱፍ የተሠራ የድሃ ቆብ ያጠለቀ ልጅ ተገፍትሮ ይገባል። ረመዳን የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለምን እንደታሰረ የሚነግረው ሰው። ሼኹን ይጠይቃል፣ አይገባውም። ወጣቱን ይሰማል፣ አይገባውም። ሁለቱም ጂን የሰፈረባቸው ይመስለዋል። ተራኪው በተራ ፋርስኛ ሲያናግረው ግን ነፍሱ መለስ ትላለች።

እንግዲህ ታሪኩ ራሱ ምልልሱ ነው። ድርጊት የሚባል ነገር እምብዛም የለውም። ታሪኩ ወደ አማርኛ ሲተረጎም አራቱ ሰዎች አንድ ዓይነት ንግግር ከተናገሩ የሚቀረው ስለ እስር ቤት የተጻፈ አሰልቺ ገጽ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ችግር ከአማርኛ ሰዋስው ይመጣል። ፋርስኛ «ቶ» እና «ሾማ» ብሎ ቅርቡንና የሚያከብረውን ይለያል፤ አማርኛም አንተ፣ እርስዎ፣ አንቱ አለው። በእንግሊዝኛ በኩል የሚተረጉም ሰው ግን ይህ ልዩነት ጠፍቶ ይደርሰዋል፣ አማርኛው ደግሞ በእያንዳንዱ ግስ ላይ ምረጥ ይለዋል። ስለዚህ ቢያንስ ለምልልሱ የፋርስኛውን ጽሑፍ ማየት ግድ ነው። ያም ሆኖ በቀጥታ መተካት አያዋጣም። ረመዳን ሼኹን «በሐዝረተ አባስ» ብሎ ሲማጸን በፋርስኛው «ቶ» የሚለው ቃል ይገባል፤ ነገር ግን ይህ የመማጸኛ ቀመር እንጂ ድፍረት አይደለም። «አንተ» ተብሎ ቢተረጎም ድሃው ልጅ ባለጌ ይሆናል። ለሼኹ «አንቱ» ይስማማል፤ የቄስና የሼኽ፣ የሽማግሌ ክብር ያለበት፣ ከቢሮ ሳይሆን ከመንደር የመጣ አክብሮት ነውና። ረመዳን ዘመናዩን ወጣት ሲያናግር ግን «እርስዎ» ይሻላል፤ የሚፈራው ማዕረጉን እንጂ ዕድሜውን አይደለም።

መሐላውም የመደብ ምልክት ነው። ሐዝረተ አባስ እ.ኤ.አ. በ680 ከርበላ ላይ ከወንድሙ ከሑሴን ጋር የተገደለ ነው፤ በሺዓ ኢራን ተራ ሰው በሱ ስም ከማለ ነገሩ ከባድ ነው። የኢትዮጵያ ሙስሊም በአብዛኛው ሱኒ ስለሆነ ይህን መሐላ አያውቀውም። ተርጓሚው በሼኽ ኑር ሑሴን ልተካው ቢል ልጁን ከአንዘሊ አንስቶ ባሌ ያስቀምጠዋል። ስሙን እንዳለ መተው ይሻላል፤ «በሐዝረተ አባስ ይዤዎታለሁ» ሲባል ስሙን የማያውቅ አንባቢም የልመናውን ክብደት ከ«ይዤዎታለሁ» ያገኘዋል።

ከሁሉ የሚከብደው የሼኹ ንግግር ነው። አማርኛ የሊቅ ንግግር ሲፈልግ ግዕዝ ይጠራል። ግዕዙ ግን የቤተ ክህነት ጠረን አለው፤ ሼኹ እንደ ደብተራ ከተናገረ ሃይማኖቱ ተቀየረ ማለት ነው። በሌላ በኩል ንግግሩን የኢትዮጵያ ሙስሊሞች በየቀኑ በሚሏቸው ሶብር፣ ዱዓ፣ ኢንሻአላህ በመሳሰሉ ቃላት ብቻ መሙላትም አይበቃም፤ እነዚህን ረመዳንም አንባቢም ያውቃቸዋል፣ ሼኹ ደግሞ የማይገባ ሰው መሆን አለበት። የሚሠራው መንገድ ሁለቱን ማጋባት ነው። የቁርኣን ጥቅሱና የዐረብኛው ሐረግ ሳይተረጎም በፊደላችን ይቀመጣል፤ በመሃል ያለው ማገናኛ ደግሞ የግዕዝን አገነባብ ይዋሳል፣ ቃላቱ ግን ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ያሉ ይሆናሉ። «የነፍስህን ልጓም» ከማለት «ልጓመ ነፍስህን» ሲባል፣ ማንም ሳይነግረው አንባቢው የተማረ ሰው እየተናገረ መሆኑን ይሰማል። በዚህ መንገድ የሼኹ የመጀመሪያ መልስ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ሙእሚን ሆይ! ልጓመ ነፍስህን ለእደ መዓት ወቍጥዓ አትስጥ፤ ወልካዚሚነል ገይዘ ወልዓፊነ ዐኒን ናስ…»

ዐረብኛው ከሱረቱ ኣሊ ዒምራን ቁጥር 134 ነው፤ ቁጣቸውን የሚገቱና ለሰዎች ይቅር የሚሉትን ያወሳል። ረመዳን ከዚህ ሁሉ የያዛት አንዲት ድምፅ ናት፤ «ካዚም»፣ የሰው ስም። መልሱም፦

«ኧረ የለም ጌታዬ፣ የአሽከርዎ ስም ካዚም አይደለም፣ ረመዳን ነው። እኔስ ያልኩት፣ ምን አድርገን ነው በቁማችን እዚህ የቀበሩን፣ እሷን ብቻ ባወቅን ነው።»

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች መጠበቅ አለባቸው። አንደኛ፣ ጥቅሱ ቢተረጎም ቀልዱ ይሞታል፤ «ቁጣቸውን የሚገቱ» ውስጥ ካዚም የሚባል ሰው የለም። ሁለተኛ፣ የሁለቱ ቃላት አጻጻፍ አንድ መሆን አለበት። ጥቅሱ ላይ «ካዚሚን»፣ መልሱ ላይ «ካዜም» ወይም «ቃሲም» ከተጻፈ አንባቢው ማገናኘት ያቅተዋል። ሦስተኛ፣ የግርጌ ማስታወሻ አያስፈልግም። ቁርኣን የቀራ አንባቢ ጥቅሱን ወዲያው ያውቀዋል፣ በረመዳን ስሕተትም ይስቃል። ያልቀራው አንባቢ ደግሞ ከረመዳን ጋር ጨለማው ውስጥ ይቆያል፣ «ካዚም» ሲባል ግን ወደ ኋላ ተመልሶ ድምፁን ይፈልጋል። ሁለቱም ንባብ የታሪኩ ነው፤ ማስታወሻ ከገባ ሁለቱም ይጠፋሉ። «አሽከርዎ» የሚለውም ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው። ረመዳን በፋርስኛው ራሱን የሚጠራበት «ኖከር» ማለት አሽከር ነው፤ «እኔ» ተብሎ ቢተረጎም ከሼኹ ፊት ያጎነበሰው ጀርባው አይታይም።

የፈረንጅ አምላኪው ንግግር ቀላል ይመስላል፣ ወጥመዱ ግን እዚያ ነው። ለዛሬ አንባቢ ቅርብ ይሆናል በሚል ፈረንሳይኛውን በእንግሊዝኛ መለወጥ የሚፈልግ አይጠፋም። አያስፈልግም። በዚያው ዘመን የኢትዮጵያ ዘመናይም ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ነበር፤ የጅቡቲው ባቡርና «ለገሃር» የሚለው ስም ይመሰክራሉ። ጀማልዛዴ ፈረንሳይኛዎቹን በፋርስ ፊደል እንደጻፋቸው ሁሉ እነሱም በፊደላችን ይገባሉ፦

«ወዳጄና ውድ ያገሬ ሰው! ለምን እኛን እዚህ አስቀመጡ? እኔም ለረጃጅም ሰዓቶች የራሴን ጭንቅላት ብቆፍር ብቆፍር አብሶሉማን ምንም ነገር አላገኝም፤ ፖዚቲፍ ነገር የለ፣ ኔጋቲፍ ነገር የለ።»

ዋናው ነገር ግን «አብሶሉማን» አይደለም፣ «ጭንቅላቴን ብቆፍር» ነው። ፈረንሳዮች አጥብቆ ማሰብን ጭንቅላትን መቆፈር ይሉታል፤ ወጣቱ ያንን ቃል በቃል ፋርስኛ አደረገው። ለፋርስኛ አንባቢ ይህ እንደ እብደት ይሰማል፣ ረመዳንም የሚደነግጠው ለዚህ ነው። ጥሩ አማርኛ የለመደ ተርጓሚ ወይም አርታኢ ይህን ሲያይ እጁ ይፈጥናል፤ «ባወጣ ባወርድ» ብሎ ያቃናዋል። በዚህ ጊዜ ወጣቱ ጥቂት የውጭ ቃል የሚጥል ጨዋ ሰው ሆኖ ይቀራል። «ለረጃጅም ሰዓቶች» እና «እኛን እዚህ» የሚሉትም እንዲሁ ሳይቃኑ መቅረት አለባቸው። ለዚህ ሰው የተሰበረ አማርኛ መጻፍ የተርጓሚው ግዴታ ነው፤ የማተሚያ ቤቱ አርታኢም አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

ረመዳን ላይ ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፣ አብዛኛው ትርጉም የሚወድቀውም እዚህ ይመስለኛል። ያልተማረ ሰው ሲመጣ ፊደል ማበላሸት፣ የገጠር ዘዬ ማልበስ፣ ማንተባተብ ልማድ ሆኗል። የጎጃም ወይም የወሎ ዘዬ ከተሰጠው ኢራናዊው ልጅ ድንገት የአገራችን ሰው ይሆናል፤ በዚያ ላይ የዚያ አካባቢ ሰው መሳቂያ ይሆናል። ጀማልዛዴ እንዲህ አላደረገም። የረመዳን ፋርስኛ ያልተማረ ነው እንጂ የተሰበረ አይደለም፤ ርእሱ ስኳር ያለውም ይህንኑ ቋንቋ ነው። መደቡ የሚታየው በመሐላው፣ በ«ኧረ»ው፣ በ«እኮ»ው፣ በቁም መቀበርን በመሰለ አነጋገር፣ በአጫጭርና ተከታታይ ዓረፍተ ነገሮች ነው። ምልልሱ ሲጠናቀቅ ለሰው ጮክ ብሎ ማንበብ ይበጃል። የረመዳን ንግግር ሳያደናቅፍ የሚነበብና የሁለቱ ምሁራን ምላስ የሚያስር ከሆነ ሥራው ተሳክቷል። አድማጩ በረመዳን ሰዋስው ከሳቀ ተበላሽቷል።

ተራኪው ከሁሉም ያነሰ ምልክት ይፈልጋል። ለረመዳን «አንተ» ይለዋል፣ ግን እንደ ሹም ሳይሆን እንደ ታላቅ ወንድም፤ «ወንድሜ» የሚለው ቃል ልዩነቱን ያመጣል። ረመዳንም ሲመልስለት ያ ሁሉ «ጌታዬ» እና «አሽከርዎ» ይወድቃል፦ «ለዚች አፍህ ልሙትልህ! ወላሂ አንተ መላኢካ ነህ!» የሐበሻ ሙስሊም የሚለው «መላኢካ» ከፋርስኛው «መላኤኬ» ጋር ይገጥማል፤ ሁለቱም የዐረብኛውን ብዙ ቁጥር ለአንድ መልአክ ይጠቀማሉ። ከ«አንቱ» ወደ «አንተ» የተሻገረው እዚህ ብቻ ስለሆነ ቀደም ብሎ በሌላ ቦታ «አንተ» ካመለጠው ይህ ቅጽበት አይሰማም።

ይህ መንገድ ለሁሉም የፋርስኛ ልብ ወለድ አይሠራም። ጀማልዛዴ የተራውን ሰው ንግግር በአብዛኛው በመደበኛ አጻጻፍ ስለጻፈው መደቡ ቃላት ምርጫ ላይ ነው። ከሱ በኋላ የመጡት እነ ሳዴቅ ሄዳያትና ሳዴቅ ቹባክ ግን የአፍ አጠራሩን ራሱን ጻፉ፤ ፋርሶች «ሸከስቴ»፣ ማለትም ስብር ይሉታል፤ «ናን» (ዳቦ) «ኑን»፣ «ሚሸቨድ» (ይሆናል) «ሚሼ» ይሆናል። እዚያ አንባቢው በዓይኑ የሚያየው የአጠራር ልዩነት ስላለ ተርጓሚው ለአማርኛም ተመጣጣኝ የአፍ አጻጻፍ መፈለግ አለበት፤ «የአባቴ» ን «ያባቴ»፣ «ለአንተ» ን «ላንተ»፣ «ይህ» ን «ይሄ» ማለት የየትኛውም ክፍለ ሀገር ስላልሆነ ጥሩ መነሻ ነው።