የበርጩማው እና የቁም ሳጥኑ ሂሳብ

ኦቨርሄድ የሚባለው ወጪ ለአንድ ዕቃ ብቻ ተብሎ የማይወጣ ገንዘብ ነው። የቤት ኪራይ፣ መብራት፣ የዘበኛ ደመወዝ፣ የማሽን እርጅና እዚህ ይገባሉ። ለየዕቃው ማከፋፈል ግን ግድ ነው። አከፋፈሉ ሲቀየር የዕቃው ዋጋም አብሮ ይቀየራል።

ቡራዩ፣ በአምቦ መንገድ ዳር ያለ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት በምሳሌ እንውሰድ። በወር 20 ቁም ሳጥን እና 200 በርጩማ ይሠራል። ሠራተኞቹ የሚከፈላቸው በቁርጥ ነው። እንጨቱና የእጅ ዋጋው ተደምሮ ቁም ሳጥኑ 14,000፣ በርጩማው 450 ብር ይፈጃል። የጋራ ወጪው በወር 90,000 ብር ነው፦ ኪራይ 40,000፣ የማሽን እርጅና 24,000፣ መብራት 20,000፣ ዘበኛ 6,000።

ብዙ ቤቶች ይህን በሠራተኛ ሰዓት ያካፍላሉ፤ ቀላል ነውና። ቁም ሳጥን 15 ሰዓት፣ በርጩማ 3 ሰዓት ይወስዳል። በወሩ 900 ሰዓት ስለሚሆን በሰዓት 100 ብር ይደርሳል። በርጩማው 300 ብር ተጨምሮበት 750 ይሆናል። የሚሸጠው በ700 ነው፤ ስለዚህ ያከስራል። በ17,000 የሚሸጠው ቁም ሳጥን ግን 15,500 ብቻ ወጥቶበት ያተርፋል።

አሁን ወደ ሥራው ጠጋ እንበል። በርጩማውን የያዘው ልጅ ደጅ ተቀምጦ በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጋል። ማሽኑ ጋ የሚደርሰው ለ9 ደቂቃ ብቻ ነው። ቁም ሳጥኑ ማሽኑን 6 ሰዓት ይይዛል። በማሽን ሰዓት ካካፈልን ወሩ 150 ሰዓት፣ ሰዓቱም 600 ብር ነው። በርጩማው 540 ብር ሆኖ 160 ያተርፋል። ቁም ሳጥኑ 17,600 ይደርስና 600 ብር ያከስራል። የቤቱ የወር ትርፍ ግን በሁለቱም መንገድ ያው 20,000 ብር ነው።

ለመብራቱና ለማሽኑ እርጅና ሁለተኛው ይሻላል፤ ማሽኑ ሲዞር ቆጣሪውም ይዞራልና። ኪራዩ ግን ከማሽን ጋር አይገናኝም። እሱን ዕቃው በያዘው ቦታ ማካፈል ይቀርባል።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሌላ ስህተት ይመጣል። ማሽኑ የሠራው 75 ሰዓት ብቻ ከሆነና 90,000ው ሙሉውን ለዚያ ከተካፈለ፣ ሰዓቱ 1,200 ብር ይሆናል። ዕቃው የተወደደ ይመስላል፣ የቆመው ግን ማሽኑ ነው። ለዚህ ነው ዓለም አቀፉ የሂሳብ ደረጃ ቋሚ የምርት ወጪ በመደበኛ የማምረት አቅም እንዲካፈል የሚያዘው። ያልተካፈለው የዚያው ጊዜ ወጪ ሆኖ ይመዘገባል።

ከሁሉ የሚከፋው በመጀመሪያው ስሌት ተማምኖ በርጩማውን መተው ነው። እያንዳንዱ በርጩማ 250 ብር ለጋራ ወጪው ያዋጣ ነበር፤ በወር 50,000 ብር ማለት ነው። ኪራዩና ዘበኛው አይቀሩም። መብራቱም የሚቀንሰው በጥቂቱ ነው። ወጪው ባለበት ቢቀጥል ቁም ሳጥኑ ብቻውን 4,500 ብር ተሸክሞ 18,500 ይሆናል። ወሩም በ30,000 ብር ኪሳራ ይዘጋል።